ከጎንደር ሆኖ ለርቀት ሥራ በኢሜይል ማመልከት፦ የሰዓትና የኢንተርኔት ጥያቄ እንዴት ይመለሳል?

ሙሉ በሙሉ ከርቀት ለሚሠራ ሥራ ሠራተኛ የሚፈልግ ቀጣሪ በማመልከቻው ላይ "ጎንደር፣ ኢትዮጵያ" የሚል አድራሻ ሲያይ ከሙያ ብቃቱ ሌላ ሁለት ነገር ይጠይቃል። እኛ በምንሠራበት ሰዓት ይህ ሰው ይገኛል ወይ? ቢገኝስ መስመሩ ይሠራል ወይ? ብዙ አመልካቾች "በማንኛውም ሰዓት መሥራት እችላለሁ፤ ፈጣንና አስተማማኝ ኢንተርኔት አለኝ" ብለው ያልፋሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ስለሚጽፈው ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም። ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል፤ ቀጣሪውም ያልተመለሰለትን ጥያቄ ደውሎ አያጣራም፤ ወደ ቀጣዩ ማመልከቻ ይሄዳል።

ሁለቱ ጥያቄዎች ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው። የኒውዮርክ ረፋድ ለጎንደር ምሽት ነው። ምሽት ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት፣ ኔትወርኩ የሚጨናነቅበት፣ ካፌና የኢንተርኔት ቤት ሄዶ መሥራትም የማይታሰብበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መመለስ ያለበት "ኢንተርኔቴ ጥሩ ነው ወይ?" የሚለው ሳይሆን "በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ክፍል፣ መስመሬ ምን ያህል ይዛል?" የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል። ኒውዮርክ ያለ ድርጅት የደንበኞች ድጋፍ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ በማስታወቂያው ላይ በየሥራ ቀኑ ከ10:00 እስከ 14:00 ET፣ ማለትም በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት፣ ከቡድኑ ጋር በአንድ ጊዜ መሥራት ግዴታ ነው ይላል፤ የቀሩትን ሰዓታት ሠራተኛው ራሱ ይመርጣል።

ስሌቱ

የኢትዮጵያ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ UTC+3 ነው፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ አይለወጥም። የኒውዮርክ ግን ይለወጣል። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ UTC-4፣ በቀሩት ወራት UTC-5 ነው። ስለዚህ ልዩነታችን አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። በምሳሌያችን 10:00 ET በ7 ሰዓት ልዩነት ጊዜ እዚህ 17:00 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት። ሥራው የሚያበቃበት 14:00 ደግሞ 21:00፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ይኸው ፈረቃ በአንድ ሰዓት ይገፋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። የእርስዎ ሰዓት አልተነካም፤ የሥራ ሰዓትዎ ግን ተለወጠ። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ኖቬምበር ላይ አንድ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ባዶ ስብሰባ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማርች ላይ ደግሞ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይገባል።

ቀጣሪው አውሮፓ ከሆነ ለውጡ የሚደረገው በሌላ ቀን፣ በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ከበርሊን ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 1፣ አንዴ 2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ የበርሊን የሥራ ቀን ከጎንደር የሥራ ቀን ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ይህን ለአውሮፓ ቀጣሪ በግልጽ መጻፍ ያዋጣል፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያ በሰዓት ለእነርሱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች አያውቁም። በተቃራኒው ካሊፎርኒያ ያለ ድርጅት ሙሉ የሥራ ቀኑን፣ ከ9:00 እስከ 17:00፣ አብራችሁን ሁኑ ካለ በ10 ሰዓት ልዩነት ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሥራት ማለት ነው፤ በቀሪው ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ይብሳል። ለወራት የሚችሉት መሆኑን ሳያመዛዝኑ "እችላለሁ" ብለው አይጻፉ።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ አጻጻፉ ነው። ከጠዋት የሚጀምረው አቆጣጠራችን ከእነርሱ በ6 ሰዓት ይለያል፤ "በ3 ሰዓት እንገናኝ" ብሎ የጻፈ አመልካች 9:00 ማለቱ እንደሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። በኢሜይል ውስጥ የሚጻፈው ሁልጊዜ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14:00 ሲባል ጠዋት ይሁን ማታ የሚያጠያይቅ ነገር የለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ "ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት" የምንለው ለእነርሱ ማክሰኞ 01:00 ነው፤ ስለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም አብሮ መጻፍ ግድ ነው። ቀን ሲጻፍም የወሩ ስም በፊደል ይሁን። 03/10 ለአሜሪካዊ ማርች 10 ነው፤ ለአውሮፓዊ ኦክቶበር 3 ነው፤ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ቀን ነው።

ምህጻረ ቃላትም ያሳስታሉ። የኢትዮጵያን ሰዓት "EST" ብሎ የሚጽፍ አለ፤ አንባቢው ግን የሚያውቀው EST የአሜሪካን ምሥራቃዊ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቀጠሮው 8 ሰዓት ይስታል። የእኛ ምህጻረ ቃል EAT ነው፤ ከዚያም የሚሻለው UTC+3 ብሎ መጻፍ ነው። ኮምፒውተርዎንም ይፈትሹ። ከውጭ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በቀድሞ ባለቤቱ አገር ሰዓት እንደተቀመጠ ይመጣል፤ የሚያዩት ሰዓት በእጅ ተስተካክሎ ቀጠናው ግን የአሜሪካ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የቃለ መጠይቁ የካሌንደር ግብዣ የሚያሳየው ሰዓት ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። በዊንዶውስ የምንመርጠው `(UTC+03:00) Nairobi` የሚለውን ነው፤ በሌሎች ሲስተሞች ደግሞ `Africa/Addis_Ababa` የሚል ይገኛል። ቪፒኤን ተከፍቶ ከሆነ አንዳንድ የቀጠሮ መያዣ ገጾች ሌላ አገር ያሉ ይመስላቸዋል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይዝጉት።

መስመርን መለካት

በኢሜይሉ ውስጥ የሚገባው ቁጥር የሚገኘው በልክ ነው። አምስት የሥራ ቀናት ይምረጡ፤ በእያንዳንዱ ቀን ፈረቃው ሊጀምር ሲል፣ መሃሉ ላይና ሊያበቃ ሲል ይለኩ። በምሳሌያችን ከቀኑ 11፣ ከምሽቱ 1 እና ከምሽቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። የሚለኩት ሊሠሩበት ባሰቡት ጠረጴዛ ላይ፣ በሚሠሩበት ላፕቶፕ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደወትሮው ዋይፋዩን እየተጠቀመ ነው። ሰው ሁሉ እንዲዘጋ አድርጎ የተገኘ ውጤት በሥራ ቀን አይደገምም።

የፍጥነት መለኪያ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ቅርብ ያለ ሰርቨር ነው፤ ስለዚህ የሚያሳዩት ከቤትዎ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሥራዎ የሚሄደው ግን ባሕር ተሻግሮ ነው። በስፒድቴስት ገጽ ላይ `Change Server` የሚለውን ነክተው ኒውዮርክ ያለ ሰርቨር ይምረጡና እንደገና ይለኩ። ሁለተኛው ቁጥር ያንሳል፤ የሚጠቅመውም እርሱ ነው። አንድ ልክ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ሊበላ ስለሚችል በሞባይል ጥቅል የሚለኩ ከሆነ ሂሳቡን አይርሱ።

ከሚያገኟቸው ቁጥሮች ሰው የሚያየው የመቀበያውን፣ ዳውንሎዱን ነው። ለርቀት ሥራ ግን የሚያጋልጠው የመላኪያው፣ አፕሎዱ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅዎና ምስልዎ ወደ ቀጣሪው የሚሄደው በዚያ ነው። ዙም ለሁለት ሰዎች የቪዲዮ ጥሪ በ720 ጥራት በእያንዳንዱ አቅጣጫ 1.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፤ ለድምፅ ብቻ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል። በሌላ አነጋገር ቪዲዮው የማይሄድበት ደካማ መስመር ላይ ካሜራውን ማጥፋት ብቻ ጥሪውን ያድነዋል። የዳታ ፍጆታውንም ከዚሁ ማስላት ይቻላል፤ በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት በሰዓት 540 ሜጋባይት ነው፤ መላኪያውና መቀበያው ሲደመሩ አንድ ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በሞባይል ዳታ ብቻ ሊሠራ ያሰበ ሰው የወር ጥቅሉን በዚህ ይመዝን።

ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ ድምፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው በመንገድ ላይ በሚጠፋው የዳታ እሽግ ነው። ይህን ብዙ የፍጥነት መለኪያ አያሳይም። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ይህን ይጻፉ፦

```
ping -n 100 1.1.1.1
```

መጨረሻ ላይ ከመቶ ስንት እንደጠፋ ይነግራል። ሁለትና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከጠፋ መጀመሪያ ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። በገመድ ከተስተካከለ ችግሩ የቤቱ ዋይፋይ ነው፤ የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ሁለትና ሦስት ሲደራረብ ሲግናሉን ያደክመዋል፤ ራውተሩን ማዛወር ወይም ረጅም የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ይበቃል። በገመድም ያው ከሆነ ለአገልግሎት ሰጪው የሚነገር የመስመር ችግር ነው።

በአምስት ቀን ከተገኙት ልኮች ወደ ኢሜይሉ የሚገባው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነው። ትንሹን የጻፈ ሰው የሚፈተነው ሊያሟላው በሚችለው ነገር ነው። የመለኪያውን ስክሪንሾት አያይዞ መላክ አያስፈልግም፤ የአንዲት ደቂቃ ምስል ነው፤ ሰዓቱና የቀናቱ ብዛት የተጻፈበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጠዋል።

ተጠባባቂው በሌላ ምክንያት የሚበላሽ ይሁን

ቀጣሪ "ሲቋረጥ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ "ሁለት ሲም አለኝ" የሚል ነው። መልሱ ግማሽ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አብሮ መያዝ የአንዱ ማማ ሲበላሽ ወይም ሲጨናነቅ ያድናል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ነገር ሲመጣ ግን አያድንም። የሰፈሩ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ የማማዎች ባትሪ ይደክማል፤ የዋይፋዩ ተጠቃሚም ሁሉ በዚያው ቅጽበት ወደ ሞባይል ዳታ ይጎርፋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ለወራት ቆይቷል፤ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ሲም መኖር ምንም አልፈየደም። ይህ በይፋ የሚታወቅ ስለሆነ ቀጣሪውም በፍለጋ ሊያገኘው ይችላል። በማመልከቻው ውስጥ ታሪኩን መተረክ አያስፈልግም፤ በቃለ መጠይቅ ከተጠየቁ ግን ሳይሸፋፍኑ መመለስ ይገባል።

ስለዚህ የሚመረጠው ዋናውን በቤት የፋይበር መስመር፣ ተጠባባቂውን በሞባይል ዳታ ማድረግ ነው፤ አንዱ የሚቋረጥበት ምክንያት ሌላውን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ማራኪ ወይም አዘዞ ቤት የሚከራይ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ፋይበር እስከዚያ ግቢ መድረሱን ቢጠይቅ ኋላ ከብዙ ችግር ይድናል። የፋይበር መስመር ሌላም ጥቅም አለው። ከጣቢያው እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ ስለሌለበት፣ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የሚሞተው በአብዛኛው ቤት ያለው ራውተር ብቻ ነው። ራውተሩን በባትሪ ማቆየት ከተቻለ መስመሩ ሊቀጥል ይችላል።

ባትሪው ትልቅ መሆን የለበትም። ከራውተሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ 12 ቮልት 1 አምፔር ካለ ከፍተኛ ፍጆታው 12 ዋት ነው። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጡ ያለው 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው (20 በ3.7 ሲባዛ)፤ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ ከሚባክነው በኋላ ወደ 59 ይቀራል። ለ12 ሲካፈል 5 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ የምሳሌያችንን አራት ሰዓት ይሸፍናል። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥንና ዋይፋዩ ለየብቻ ከሆኑ ግን ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ፤ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ገመዱ ነው። ከ5 ቮልት ወደ 12 የሚያወጣ ርካሽ ገመድ ከአንድ ተራ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚያገኘው 10 ዋት ብቻ ነው፤ ራውተሩ በደንብ የበራ ይመስልና ሰው ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ ያበራል። እንዲህ ካደረገ ለራውተር ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት ይሻላል። በየትኛውም ቢሆን መብራቱ እስኪጠፋ ሳይጠብቁ፣ ራውተሩን ከግድግዳው ነቅለው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይሞክሩት። በኢሜይሉ የሚጻፈው በሙከራው የተገኘው ሰዓት ነው።

ኢሜይሉ

ከመጻፍዎ በፊት ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። "ከርቀት" ካለ በኋላ የአንድ አገር ነዋሪ መሆንን የሚጠይቅ ከሆነ የሰዓት ማብራሪያ አይለውጠውም፤ ግልጽ ካልሆነ "ከኢትዮጵያ ሆነው የሚሠሩ ሰዎችን ትቀጥራላችሁ ወይ?" ብሎ በአንድ መስመር መጠየቅ ይቻላል። በቪፒኤን ሌላ አገር ያሉ መስሎ ማመልከት ግን መጨረሻው መባረር ነው፤ ቀጣሪው የግብርና የውል ግዴታ አለበት፤ የሚገቡበትን አገርም ማየት ይችላል።

ኢሜይሉ አንድ ስክሪን ቢሞላ ይበቃዋል። ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡ ስም፣ ሙሉ ስምዎ እና UTC+3 ይግቡ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሙያዎ ብቻ ነው፤ ሰዓቱና ኢንተርኔቱ ከእርሱ በኋላ፣ በአራት ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ። በይቅርታ መጀመር አይገባም፤ "ጎንደር ብሆንም" የሚል አጀማመር አንባቢው ያላሰበውን ጉድለት ያሳስበዋል። በምሳሌያችን አንቀጹ በማስታወቂያው ቋንቋ የሚጻፍ ሆኖ ሐሳቡ እንዲህ ይሆናል፦

"የምኖረው ጎንደር፣ ኢትዮጵያ ነው፤ ሰዓታችን UTC+3 ሲሆን በዓመት ውስጥ አይለወጥም። በየሥራ ቀኑ ከ10:00 እስከ 14:00 በኒውዮርክ ሰዓት አብሬያችሁ እሠራለሁ፤ ሰዓታችሁ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሲለወጥም የእናንተን እከተላለሁ። በእነዚህ ሰዓታት በአምስት የሥራ ቀናት የለካሁት የቤት ፋይበር መስመር ዝቅተኛ ውጤቱ 14 ሜጋቢት መቀበያና 5 ሜጋቢት መላኪያ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሬና ላፕቶፔ በባትሪ ለአራት ሰዓት ይሠራሉ፤ መስመሩ ራሱ ከተቋረጠ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሞባይል ዳታ እቀይራለሁ፤ ያም ካልሠራ በስልክ መልእክት አሳውቃለሁ።"

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የእርስዎ ልክ በቦታቸው ይግባ። ፋይበር ከሌለዎት ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በሞባይል ልክ ይጻፉትና ካሜራ ሳይከፈት በድምፅ መሥራት የሚቻል መሆኑን ይጠይቁ። የመጨረሻው ሐረግም ያለ ምክንያት አልገባም። ዳታ ሲቋረጥ አጭር መልእክት ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ የኃላፊው ስልክ ቁጥር በስልክዎ ውስጥ እንጂ በኢሜይል ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

ሲቪው በፒዲኤፍ ይያያዝ፤ ከ1 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ይስጡት፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል በአንዳንድ የቅጥር ሲስተሞች ላይ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ይወጣል።

የሚላክበትን ሰዓት ጂሜይል ራሱ ያስተካክላል፤ ከመላኪያው ቁልፍ ጎን ያለውን ቀስት ነክተው `Schedule send` የሚለውን ይምረጡ። ለኒውዮርክ ጠዋት 9:00 እዚህ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ቀጠሮ የተያዘለት ኢሜይል ኮምፒውተርዎ ቢዘጋም፣ መብራት ቢጠፋም በሰዓቱ ይሄዳል። የማመልከቻ ማብቂያ ቀን ሲመጣም 23:59 ET ማለት ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት እንደሆነ ያስሉ፤ ሆኖም ያችን ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም።

መልስ መጥቶ የቃለ መጠይቅ ሰዓት ምረጡ ካሏችሁ ሦስት አማራጭ በእነርሱ ሰዓት ጽፈው፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ UTC የሆነውን ያስቀምጡ፦ ማክሰኞ 10:30 በኒውዮርክ፣ 14:30 UTC ወይም 15:30 UTC እንደ ወቅቱ። የሚመርጧቸው ሰዓታት በፈረቃው ውስጥ ያሉ ይሁኑ፤ ቀጣሪው መስመርዎን የሚያየው ያኔ ነውና በሥራ ሰዓት የሚሆነውን ቢያይ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ጥር 10 እና 11ን ግን ከአማራጮቹ ያውጡ። ጥምቀት ላይ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ሰው ሁሉ ከቀጥታ ቪዲዮ ጋር ስለሚውል የሞባይል ኔትወርኩ በተለይ ከፋሲል መዋኛ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ በጣም ይጨናነቃል፤ ያን ቀን ተጠባባቂ መስመርዎ እንደሌለ ይቁጠሩት።